ሁለት ጠይቃ ዘጠኝ የመጣላት ሴት

ጅጅጋ ውስጥ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ በእጁ ይዞ የየትኛው ሽያጭ እንደሆነ ወዲያው የሚናገር ግን ከተናኘ በቀር የለም ይባል ነበር። ነገሩ ትንሽ ተጋኗል። ራሷን ብትጠይቋት «ምን ዕውቀት አለው? በሃምሳ ማባዛት ነው» ብላ ትገላገላችኋለች። ሰው ግን ሙያውን ሲያቃልል አትመኑት፤ በተለይ ተናኘን።

አባቷ ለውትድርና መጥቶ በዚያው የቀረ የጎጃም ሰው ነበር። እሷ እዚሁ ተወለደች፣ እዚሁ ተማረች፣ እዚሁ አግብታ እዚሁ ባሏን ቀበረች። በሻርማርኬ የቧንቧና የውኃ ዕቃዎች መደብር ሒሳብ ስትይዝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ያን ጊዜ፣ በ2015 መስከረም፣ ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነበር። አንዲት ልጇ አክሱማዊት ሐዋሳ አግብታ በክረምቱ ወልዳለች፤ «እማዬ፣ ነይና ልጁን ያዥልኝ፣ አንቺም ዕረፊ» እያለች በስልክ ትጨቀጭቃታለች። ተናኘም ወስና ነበር። የዓመቱን ግብር አስታውቃ፣ ለምትተካት ልጅ አስረክባ፣ በኅዳር ልትሄድ። ለሻርማርኬ ነግራዋለች፤ እሱም ቅር እያለው «ሃየ፣ ይሁን» ብሏል። ሻንጣ ሳይቀር ገዝታለች። ሰማያዊ፣ ጎማ ያለው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት የቀራት ሥራ ደረሰኞቹን ማጋጠም ብቻ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ከነጋዴ ከአሥር ሺህ ብር በላይ ዕቃ ሲገዛ፣ ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ ሁለት በመቶ ይቀንስና ለመንግሥት ያስገባል። ለነጋዴው ደግሞ «ይህን ያህል ቀንሼብሃለሁ» የሚል ደረሰኝ ይሰጠዋል። ዓመቱ ሲዘጋ ያ የተቀነሰው ነጋዴው ከሚከፍለው የትርፍ ግብር ላይ ይታሰብለታል። ታዲያ እንዲታሰብለት ደረሰኙ መኖር አለበት፤ የመጣበት ሽያጭም መታወቅ አለበት። ሽያጭ የሌለው ደረሰኝ አባት እንደሌለው ልጅ ነው፤ ሰው ሁሉ የማን ነህ ይለዋል።

ተናኘ እያንዳንዱን ደረሰኝ እያነሳች ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የቆራጩን ስምና ቲን፣ የተቀነሰውን ብር መዝገቧ ላይ ታሰፍራለች። የመጨረሻዋ ዓምድ የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥር ናት፤ ችግሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው። አንዳንዱ ቆራጭ ቁጥሩን ይጽፋል፣ አንዳንዱ «የዕቃ ግዢ» ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ ነው በሃምሳ የምታባዛው። 3,310 ብር ተቀንሶ ከሆነ ሽያጩ 165,500 ነው፤ እንዲህ ያለ ሽያጭ መዝገብ ላይ ከሌለ ደግሞ የሦስት ሽያጭ ድምር መሆኑን ትጠረጥራለች፦ 92,000፣ 43,500፣ 30,000፤ ገጠመ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ቫት ያለበትን ድምር ይዞ ሲፈልግ ነው፤ እስከ ማታ ቢፈልግ አያገኘውም። ቀኑም ሌላ ጣጣ አለው። የክልሉ ቢሮዎች በኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ በስደተኛ መጠለያ የሚሠሩ ድርጅቶች በፈረንጅ። 05/02/2022 የሚለውን ጥር 28 ቀን 2014 ብላ ካላነበበች ደረሰኙ ሽያጩን አያገኘውም።

መስከረም ሲጋመስ የዓመቱ አርባ አንድ ደረሰኝ ሊሞላ ሁለት ብቻ ጎደሏት። ሁለቱም ቀብሪበያ የስደተኛ መጠለያ ውስጥ ካለ ከአንድ ዕርዳታ ድርጅት ናቸው፤ ገንዘቡን ቆርጠው ከፍለዋል፣ ደረሰኙን ግን አላኩም። እዚያ ሒሳብ ክፍል ለምትሠራው ለኢቅራ ደወለች።

«ኤዶ ተናኘ» አለች ኢቅራ፤ በሶማሌ ወግ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «ሁለት ሁለት እያልሽ ለምን ትቸገሪያለሽ? በሻርማርኬ ቲን የቆረጥነውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቤ እልክልሻለሁ።»

«ሁለቱ ይበቁኛል እናቴ።»

«ግድ የለም። ቅጂዎቹ እኛ ዘንድ ተከማችተው ነው ያሉት። ሹፌሩ ነገ ያመጣልሻል።»

በማግስቱ የሚኒባሱ ሹፌር በፌስታል የተጠቀለለ ፖስታ ወርውሮላት ሄደ። ከፈተችው። ሁለት የጠየቀች ሴት ዘጠኝ ደረሰኝ አገኘች።

መጀመሪያ ስሕተት መሰላት። የሌላ ነጋዴ ደረሰኝ አብሮ ይገባል፤ ያጋጥማል። ቲኑን ስታይ ግን የሻርማርኬ ነው፤ ስሙም የሻርማርኬ። ሁለቱ የምታውቃቸው ናቸው፤ ሰባቱን አታውቃቸውም። 1,200፣ 1,040፣ 1,500፣ 960፣ 1,300፣ 1,440፣ እንደገና 1,200። በሃምሳ አባዛቻቸው፤ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር። ደረሰኞቹ የጄሪካንና የሳሙና ግዢ ይላሉ፤ ይህን የሚያህል ጄሪካንና ሳሙና ከዚህ መደብር አልወጣም። መደብሩ ሳሙና ሸጦም አያውቅ።

ድርጅቱ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ነበርና እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ የሽያጭ ደረሰኙን ቁጥር ጽፎታል። 0463። 0464። 0465። እያለ እስከ 0469።

ተናኘ መነጽሯን አወለቀች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሻይ ቀዘቀዘ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቁጥሩን ታውቀዋለች። ከ0451 እስከ 0500 ያለውን ጥራዝ በራሷ እጅ «ጠፍቷል» ብላ የጻፈችው እሷ ናት።

ነገሩ ወደ 2010 ሐምሌ ማብቂያ ይወስደናል፤ ከተማው ታምሶ ሶማሌ ያልሆነ ሰው ወደ ተሳደደበት ሰሞን። ተናኘ ያን ቀን መደብሩ ውስጥ ነበረች። ጩኸቱ ሲቀርብ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ ሰው ሲደነግጥ የሚያነሳው ነገር አይታወቅም፤ እሷ ያነሳችው የሽያጭ ማሽኑ ሲበላሽ በእጅ የሚጻፍበትን አንድ የሽያጭ ደረሰኝ ጥራዝ ነው። መውጫ አጥታ ቆማ ሳለ የሻርማርኬ እህት ኤብላ በጓሮ በር ገባች። የራሷን ሰፊ መሸፈኛ አውልቃ አለበሰቻትና እጇን ይዛ፣ በመንገዱ መሐል፣ ሰው እያየ፣ እንደ እህቷ እየተቆጣቻት ወሰደቻት። አሥራ አንድ ቀን ጓዳዋ ውስጥ አስቀመጠቻት። ኤብላ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ያለውን አካፈለቻት፤ በር ሲንኳኳ ልጆቹን አጠገቧ አስተኝታ «አክስታችሁ ታማለች» እያለች።

ነገሩ በርዶ ተናኘ ልትወጣ ስትል ኤብላ ጥራዙን አነሳችው። «አባዮ፣ ይኼ ምን ይሁን?» አባዮ እህቴ ማለት ነው።

መደብሩ ተዘርፎ ባዶውን ቀርቷል። ተናኘ የምትሰጠው ነገር አልነበራትም፤ አንገቷ ላይ ያለው መስቀል እንኳ የክር ነው። «ተዪው፣ ከሱቁ ጋር ያበቃለት ነገር ነው። ለልጆቹ መጻፊያ ይሁናቸው» አለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለፖሊስና ለገቢዎች የሚቀርበውን የጠፉ ሰነዶች ዝርዝር ስታዘጋጅ ስድስት ጥራዝ ተዘርፏል። ሰባተኛውን ምን ትበል? «ለልጆች መሳያ ሰጠሁት» ይባላል? ጥያቄው ይበዛል፣ ኤብላም ትጠራለች። ከስድስቱ ጋር ሰባተኛውን አብራ ጻፈችው። ፈረመች፤ ሻርማርኬም አምኗት ማኅተም አደረገበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ብቻ የተፈታው ከአራት ዓመት በኋላ ሆነ።

ሰባቱን ደረሰኞች ይዛ በዚያው ቀን ከሰዓት ኤብላ ቤት ሄደች። ኤብላ በረንዳ ላይ ሩዝ ትለቅማለች። ወረቀቶቹን ስታይ መልኳ ተለወጠ እንጂ አልካደችም። ኤብላ መካድ አትችልበትም።

«ልጆቹ አሥራ ሁለቱን ቅጠል ሞነጫጨሩት» አለች ሰሐኑን አስቀምጣ። «የቀረውን አስቀምጬው ነበር። ከዚያ ወንድሜ ታመመ።»

ተናኘ የ2014ን በጋና በልግ ታስታውሰዋለች። ሻርማርኬ ልቡን ታሞ ሕንድ ሄዶ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ተኛ። ሲሄድ ለእህቱ ውክልና ሰጣት፤ ተናኘን ደግሞ «ከሱቁ አንድ ብር እንዳታወጡ፤ እኔ ብሞት ልጆቼ ይለምናሉ» ብሎ አስማላት። ገንዘቡ ሕንድ ላይ ሲያልቅበት በየጊዜው ከኤብላ ብር ይደርሰው ጀመር። «ሀርሺን ወረዳ ያሉትን ግመሎቼን እየሸጥኩ ነው» አለችው። ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በሠርግ በለቅሶ ይወራል። የኤብላ ግመሎች ወንድሟን አዳኑት እየተባለ።

«ግመል የት አለ?» አለች ኤብላ። «ዋላሂ፣ በጥር አልቀዋል። ድርቁ አንድ አላስተረፈልኝም። መጠለያው ጄሪካንና ሳሙና ይፈልግ ነበር። ዕቃውን ከዘመድ በዱቤ አመጣሁ። እነሱ ቲን አምጪ፣ ፈቃድ አምጪ፣ ደረሰኝ አምጪ አሉ። የወንድሜ ፈቃድና ማኅተም እጄ ላይ ነበር። ደረሰኙንም አንቺ ሰጥተሽኛል።»

«እኔ መጻፊያ ይሁን ነው ያልኩሽ።»

«ጻፍኩበት።»

ይህን ያለችው ልታሾፍ አይደለም። ቼኮቹ በሻርማርኬ ስም ቢወጡም በውክልናዋ ባንክ ሄዳ መንዝራቸዋለች፤ የዱቤውን ከፍላ የተረፈውን ልካለች። ስልሳ አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር የመንግሥት ቫትም አብሮ ሕንድ ሄዷል። ኤብላ ቫት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ደረሰኙ ላይ መሥመር ስላለው የድርጅቱ ሰው ሙዪ እንዳላት ሞላችው እንጂ።

«ለገቢዎች የፈለግሽውን ንገሪያቸው» አለች በመጨረሻ የተናኘን ጉልበት ይዛ። «እኔ እታሰራለሁ፣ ግድ የለም። ለሻርማርኬ ግን ግመል አልነበረም እንዳትይው። ኩሩ ሰው ነው። በውሸት ደረሰኝ ነው የዳንከው ካልሽው ይሞትብኛል።»

ያንን አሥራ አንድ ቀን አላነሳችም። አንድም ጊዜ። ብታነሳው ኖሮ ተናኘ ትንሽ ትቆጣና ይቀልላት ነበር፤ ያልተነሳ ውለታ ግን መቆጫም የለውም።

ኤብላ ጥራዙን ከሣጥን አውጥታ ሰጠቻት። ከ0463 እስከ 0469 ካርቦን ቅጂው በኤብላ ጠማማ ጽሕፈት ተሞልቷል፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ባዶ ቅጠል።

ተናኘ ሌሊቱን እንዳላለቀሰች፣ ቀኑን ግን በተቀመጠችበት እንደፈዘዘች ነው የምነግራችሁ። መንገዶቹን አንድ በአንድ ሄደችባቸው፤ ሁሉም ግድግዳ ላይ ያበቃሉ። ሰባቱን ብታስገባ 8,640 ብር ለሻርማርኬ ይታሰብለታል፤ ነገር ግን አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ያልታወቀ ሽያጭ በራሷ እጅ ታስታውቃለች። ያልተከፈለው ቫት ከቅጣትና ከወለድ ጋር ይመጣል፤ ጠፋ የተባለው ጥራዝ እንዴት ተነሳ ይባላል፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው? የእሷ። ሻርማርኬም ሁሉን ይሰማል። ባታስገባቸውስ? ድርጅቱ የቆረጠውን በየወሩ ከእነ ቲኑ ለገቢዎች አሳውቋል፤ ዝርዝሩ አንድ ፋይል ውስጥ ተኝቷል። ተኝቷል እንጂ አልሞተም። አንድ ቀን አንድ መርማሪ የቆራጩን ዝርዝርና የነጋዴውን ማስታወቂያ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ሰባት መሥመር ይተርፋል።

ጥቅምት 28 ቀን አርባ አንዱን ብቻ ይዛ ገቢዎች ሄደች። አርባ አንዱም ያለ እንከን ገጠሙ፤ የተቀበላት ሠራተኛ «እትዬ ተናኘ፣ እንደ እርስዎ ያለ ፋይል ቢበዛልን» አላት። ምስጋናው እንደ ስድብ ተሰማት። ሰባቱንና ጥራዙን በቢጫ ፖስታ አድርጋ የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ቁልፉን ከመስቀሏ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

በኅዳር ተተኪዋ መጣች። ሆዶ ትባላለች፤ ከጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የተመረቀች፣ ፈጣን፣ ጠያቂ። ተናኘ ልጅቱን ስታይ ነው የተያዘችበትን ወጥመድ በደንብ የተረዳችው። ይህች ልጅ ይህን ወንበር ከተረከበች በሚቀጥለው ዓመት ለኢቅራ ትደውላለች፤ ኢቅራም ልማዷ ነውና ሁሉንም ሰብስባ ትልካለች። ከዚያ ተናኘ ሐዋሳ ሆና ነው ስልክ የምትቀበለው።

ለሻርማርኬ «ልጅቱ ገና ናት፣ አንድ ዓመት ላሠልጥናት» አለችው። ደስ አለው። ለአክሱማዊት «ለፋሲካ» አለች። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። «ለመስከረም» አለች። የልጅ ልጇ በስልክ «አያ» ማለት ተማረ። ሰማያዊው ሻንጣ አልጋ ሥር ገብቶ አቧራ ለበሰ፤ በኋላ የክረምት ልብስ ማስቀመጫ ሆነ።

ሰው በእስር ቤት ሲታሰር ቢያንስ የሚፈረድበትን ዓመት ያውቃል። ተናኘም ለራሷ ፈረደች፤ አምስት ዓመት። ገቢዎች ያለፈ ሒሳብ መልሶ የሚያየው አምስት ዓመት ድረስ ነው ሲባል ሰምታለች። ስለዚህ እስከ 2020 ጥቅምት ከዚህ ወንበር አትነሳም። ሆዶ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትሥራ፤ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ግን የእሷ ነው፤ ማንም አይነካውም።

ሆዶ መቼ ዝም ትላለች። «ኤዶ፣ የጎደለውን አንድ በአንድ ከምንለምን፣ ከሁሉም ቆራጮች የሦስት ዓመት ሙሉ ዝርዝር ጠይቀን ብናመሳክርስ? ያልጠየቅነው ገንዘብ ሊኖር ይችላል።»

«አያስፈልግም።»

«እንዴት አያስፈልግም? የሐጂ ሻርማርኬ ገንዘብ ነው።»

«አያስፈልግም አልኩሽ!» ብላ ጮኸችባት። በዚያ መደብር በሠራችበት ሃያ አንድ ዓመት የጮኸችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሆዶ ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ያንን መሳቢያ ሳታይ ማለፍ አቃታት። ኤብላና ተናኘም ከሩቅ ሰላምታ ብቻ ሆኑ። ሁለቱም ሲተያዩ የሚያዩት ሰባት ወረቀት ነው።

እንዲህ እያለ 2017 ጥቅምት ደረሰ። ተናኘና ሆዶ የዓመቱን ማስታወቂያ ይዘው ገቢዎች ሄዱ። ሆዶ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ስትወጣ፣ ተናኘ ያቺን ሁለት ዓመት አፏ ላይ የነበረች ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር ለሠራተኛው ጣል አደረገችለት። «ለአንድ ወዳጄ ነው፤ ያለፈ ዓመት ግብር መልሳችሁ የምታዩት እስከ ስንት ዓመት ነው?»

«አምስት ዓመት ነው እትዬ።»

ልቧ ትንሽ ተረጋጋ። ሠራተኛው ግን ሰው አክባሪ ነበርና መልሱን ሙሉ ሊያደርግላት ፈለገ። «እንግዲህ ማታለል ከሌለበት ነው። ማታለል ያለበት ከሆነ ገደብ የለውም፤ በማንኛውም ጊዜ ይታያል። ወዳጅዎ ራሳቸው ቀድመው ቢመጡ ግን ከሁሉ ይሻላል።»

ተናኘ አመሰገነችው። ወጥታ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ሆዶ ኮፒውን ይዛ ስትመለስ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨብጣ አገኘቻት። ገደብ የለውም። 2020 የሚባል ጥቅምት የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የቆጠረችው ቀን በማንም መዝገብ ላይ ያልነበረ ቀን ነው። የልጅ ልጇ አድጎ፣ እሷም አርጅታ፣ ያን ቁልፍ አንገቷ ላይ እንዳሰረች ትቀበራለች፤ ያኔም መሳቢያውን ሆዶ ትከፍተዋለች። ኤብላን ላድን ብላ ነበር፤ ያደረገችው ግን ኤብላን ከሻርማርኬ ሸሽጋ ለማታውቀው መርማሪ ማቆየት ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ሻርማርኬ ከመደብሩ ጀርባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የግመል ወተት ሻይ ሲጠጣ፣ ቢጫውን ፖስታ ይዛ ገባች።

«ሐጂ፣ የምነግርዎ አለኝ። ሲሰሙ ይቆጡ፣ ግን እስክጨርስ ይታገሡኝ።»

ነገረችው። ከጥራዙ ጀምራ። ለልጆች መጻፊያ ብላ መስጠቷን፣ ጠፋ ብላ መፈረሟን፣ ሰባቱን መደበቋን። ኤብላ ጋ ስትደርስ «ግመል» የሚለውን ቃል አላወጣችም፤ «ገንዘቡ ለእርስዎ ሕክምና ነው የሄደው» ብቻ አለች። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻለችም፤ ከዚያ በላይ መናገርም አልቻለችም።

ሻርማርኬ መነጽሩን አድርጎ ሰባቱን ደረሰኞች ምንጣፉ ላይ በቀናቸው ደረደራቸው። ጣቱን የመጀመሪያው ላይ አደረገ። «05/02» አለ። «በሳምንቱ ነው ብሩ የደረሰኝ። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና።» ጣቱ ወደ ሁለተኛው ሄደ። «ይኼ የመድኃኒቱ።» ሦስተኛው። «ይኼ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና፤ ያን ጊዜ በዛ አድርጋ ነበር የላከችው።» እንዲህ እያለ ሰባቱንም አጋጠማቸው። ተናኘ በሃምሳ ስታባዛ የኖረችውን እሱ ያለ ምንም ማባዛት ጨረሰው።

«ሰባት ነበር ያለችኝ» አለ። «ሰባት ግመል። በስልክ ስም በስም እየጠራች። ዛሬ ጥቁሯን ሸጥኩ፣ ዛሬ ዓይነ ስውሯን ሸጥኩ።» ሻዩን አስቀመጠ። «ያን ዓመት ሀርሺን ውስጥ ቆዳ እንኳ የሚገዛ አልነበረም። እኔ ነጋዴ ነኝ ተናኘ። ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ፣ ዓይነ ስውር ግመል በድርቅ ማን ገዛሽ ብዬ መጠየቅ አቅቶኝ ነው? አልጠየቅኋትም። መዳን ፈልጌ ነበር።»

ተናኘ አለቀሰች። እሱም ዓይኑን በኩታው ጠረገ፤ አላፈረበትም።

«የመጥፋቱ ዝርዝርስ?» አለ ደረሰኞቹን እየሰበሰበ።

«የእኔ ፊርማ ነው። ነገ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ።»

«ማኅተሙ የእኔ ነው። አብረን ነው የምንሄደው። ቫቱንም ቅጣቱንም እኔ እከፍላለሁ፤ ልቤ ነው የተጠገነበት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለኤብላ ግን ግመሎቹን እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያት» አለ።

ተናኘ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር አመለጣት። ወንድምና እህት፣ ሁለቱም አንዱ ለሌላው ሲሉ እሷን አፏን ያስይዟታል።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ሆዶን ጠራቻትና ወንበር ሳብ አድርጊ አለቻት። ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰባቱን ደረሰኝና ጥራዙን ሰጠቻት። ሆዶ የመጀመሪያውን አነሳች። «1,200፣ በሃምሳ ስልሳ ሺህ» አለች፤ ካርቦኑን ገለጠች፤ «0463። ገጠመ።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ኤዶ፣ ይኼ ጥራዝ ጠፍቷል ተብሎ አልተመዘገበም?»

«ተመዝግቧል። እኔ ነኝ ያስመዘገብኩት። ጻፊ፣ ስንጨርስ ለገቢዎች የምንሰጠውን ደብዳቤ አብረን እናረቃለን።»

ሰባተኛው ላይ ሳሉ ስልኳ ጮኸ። አክሱማዊት ናት። ከኋላዋ ልጁ «አያ! አያ!» ይላል።

«እማዬ፣ ለገና ትመጫለሽ ወይስ ዘንድሮም ምክንያት አለሽ?»

«አልመጣም» አለች ተናኘ። «እስኪጠሩኝ፣ ቃሌን እስክሰጥ፣ ውሳኔው እስኪታወቅ ከዚህ አልወጣም። መቼ እንደሚያልቅም አላውቅም።»

«ምንድን ነው የምትይው? ማነው የሚጠራሽ?»

ተናኘ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጇ ያልሰጠቻት አንድ እውነተኛ መልስ ነበር።

«ልጁን ለባልሽ ስጪውና ተቀመጪ» አለቻት። «ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»